በናሙና የተገኘን የተሰብሳቢ ሂሳብ ስህተት ወደ ሙሉው ሂሳብ ማስላት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የደንበኞችን ቀሪ ሂሳብ በናሙና የሚመረምሩ ኦዲተሮችና የተመርማሪ ድርጅቶች የሂሳብ ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በዓለም አቀፍ የኦዲት ደረጃዎች ላይ የተመሠረቱ ሲሆን፣ በተለይ የናሙና ምርመራን የሚመለከተውን ደረጃ ቁጥር 530 እና የተገኙ ስህተቶችን ግምገማ የሚመለከተውን ደረጃ ቁጥር 450 ይከተላሉ። ሁሉም መልሶች አንድ ምሳሌ ይዘው ይሄዳሉ፤ ምሳሌው የግንባታ ዕቃ በጅምላ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የተዘጋ ሂሳብ ነው።

በናሙናው ውስጥ የተገኘው ስህተት ትንሽ ከሆነ፣ እሱን ብቻ አስተካክሎ ማለፍ ለምን አይበቃም?

ናሙናው የተመረጠው ያልታዩትን ደንበኞች እንዲወክል ስለሆነ ነው። ከ340 ደንበኞች መካከል 50ዎቹን መርምረን 129,000 ብር ስህተት ብናገኝ፣ የቀሩት 290 ደንበኞች ንጹሕ ናቸው ለማለት የሚያበቃ ምንም ማስረጃ የለንም። በአንጻሩ፣ ናሙናው በትክክል ከተመረጠ ያልታዩት ደንበኞች ከታዩት ጋር ተመሳሳይ ጠባይ እንዳላቸው አድርገን መውሰድ አለብን። ስለዚህ ሊታለፍ ከሚችለው የስህተት መጠን ጋር የሚነጻጸረው በናሙናው ውስጥ የታየው 129,000 ብር ሳይሆን ወደ ሙሉው የተሰላው ግምት ነው። በሥራ ወረቀቶች ላይ “የተገኘው ስህተት ሊታለፍ ከሚችለው መጠን በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ተቀባይነት አለው” የሚል መደምደሚያ ያለ ስሌት ተጽፎ ሲገኝ፣ ምርመራው የታሰበለትን ጥያቄ ሳይመልስ ቀርቷል ማለት ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

የድርጅቱ ጠቅላላ ተሰብሳቢ ሂሳብ 60,000,000 ብር ነው እንበል። ለሂሳብ መግለጫው በአጠቃላይ የተወሰነው ማቴሪያሊቲ፣ ማለትም የአንባቢን ውሳኔ ሊያስለውጥ የሚችለው የስህተት መጠን፣ 2,000,000 ብር፣ ለሥራ የተወሰነው ዝቅተኛ ልክ፣ ማለትም ፐርፎርማንስ ማቴሪያሊቲው፣ 1,500,000 ብር ነው። ለተሰብሳቢ ሂሳብ ሊታለፍ የሚችለው የስህተት መጠን ከፐርፎርማንስ ማቴሪያሊቲው ጋር እኩል ወይም ከእሱ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ እኩል ተደርጎ 1,500,000 ብር ሆኗል። ከዚህ በኋላ “ጣሪያው” የምንለው ይህንን ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ በሁለት ምድብ ተከፈለ። ከፍተኛ ዕዳ ያለባቸው 8 ደንበኞች በድምሩ 22,000,000 ብር ስላለባቸው ሁሉም አንድ በአንድ ተመረመሩ፤ በእነሱ ላይ የተገኘው ስህተት 130,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ወደ የትም አይሰላም፤ ምድቡ ሙሉ በሙሉ ስለታየ ስህተቱም ያው 130,000 ብር ነው። የቀሩት 340 ደንበኞች በድምሩ 38,000,000 ብር አለባቸው። ከእነሱ መካከል በዕጣ የተመረጡት 50 ደንበኞች የመዝገብ ቀሪ ሂሳብ 5,700,000 ብር ሲሆን፣ የሚከተሉት ስህተቶች ተገኙባቸው፤ ሁሉም ሂሳቡን በብልጫ ያሳዩ ናቸው።

የመጀመሪያው ሰኔ 29 ቀን ደረሰኝ የተቆረጠለት፣ ዕቃው ግን በማስረከቢያ ሰነዱ መሠረት ከመጋዘን የወጣው ሐምሌ 3 ቀን የሆነ ሽያጭ ነው፤ መጠኑ 60,000 ብር ሲሆን ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 69,000 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ደንበኛው በሰኔ ወር የመለሰው፣ ክሬዲት ኖት ያልተሠራለት ዕቃ ነው፤ ከታክሱ ጋር 46,000 ብር ነው። ሦስተኛው በሁለት ደንበኞች ላይ የታየ በድምሩ 14,000 ብር ነው። እነዚህ ደንበኞች ሲከፍሉ፣ በዚያ የሂሳብ ዓመት በሥራ ላይ በነበረው 2 በመቶ ልክ ቅድመ ግብር ቀንሰው አስቀርተው የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ ሰጥተዋል፤ ድርጅቱ ግን ደረሰኙን ስላልመዘገበው የተቀነሰው ገንዘብ አሁንም የደንበኛ ዕዳ ሆኖ ይታያል።

ድምሩ 129,000 ብር ነው። ይህን ለ5,700,000 ብር ስናካፍል 2.26 በመቶ ገደማ ይመጣል፤ ያልተጠጋጋውን ምጣኔ በ38,000,000 ብር ስናባዛ 860,000 ብር እናገኛለን። ከዚያ ሙሉ በሙሉ በታየው ምድብ የተገኘውን 130,000 ብር ስንጨምር፣ በተሰብሳቢ ሂሳቡ ላይ አለ ብለን የምንገምተው ስህተት 990,000 ብር ይሆናል።

```
129,000 / 5,700,000 × 38,000,000 = 860,000
860,000 + 130,000 = 990,000
```

በምጣኔ ፋንታ በአንድ ደንበኛ አማካይ ስህተትም ማስላት ይቻላል፤ 129,000 ለ50 ተካፍሎ በ340 ሲባዛ 877,200 ብር ይሰጣል። ሁለቱ መንገዶች እዚህ የተቀራረቡት የናሙናው አማካይ ዕዳ ከምድቡ አማካይ ዕዳ ጋር ስለተቀራረበ ነው። የስህተቱ መጠን ከዕዳው ጋር የሚያድግ ከሆነ ምጣኔው የተሻለ ነው፤ ዕዳው ትልቅም ትንሽም ቢሆን ስህተቱ ብዙም የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ አማካዩ ይሻላል። የትኛውን እንደሚጠቀም ኦዲተሩ ውጤቱን ከማየቱ በፊት መወሰን አለበት። ሁለቱንም አስልቶ ትንሹን መምረጥ ተቀባይነት የለውም።

ለኮንፈርሜሽን፣ ማለትም ቀሪ ሂሳቡን እንዲያረጋግጥ ለተላከለት ደብዳቤ፣ ደንበኛው ከሰጠው መልስ ጋር የታየ ልዩነት ሁሉ ስህተት ነው?

አይደለም። ደንበኛው ሰኔ 28 ቀን ከፍያለሁ ብሎ ገንዘቡ በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ሐምሌ 2 ቀን የገባ ከሆነና ይህም በባንክ መግለጫው ከተረጋገጠ፣ ልዩነቱ የጊዜ ልዩነት ስለሆነ በስሌቱ ውስጥ አይገባም። በተመሳሳይ፣ የአንዱ ደንበኛ ክፍያ በስህተት በሌላው ደንበኛ ሂሳብ ላይ ቢመዘገብ ጠቅላላው ተሰብሳቢ ሂሳብ አይለወጥም፤ ስለዚህ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ሙሉው ማስላት ትክክል አይሆንም። ሆኖም ነገሩ በዚያ አያበቃም። ክፍያ በተሳሳተ ስም መመዝገቡ የቁጥጥር ድክመትን ወይም የአንዱን ደንበኛ ገንዘብ በሌላው የመሸፈን ማጭበርበርን ሊያሳይ ይችላል፤ የዕዳዎችን ዕድሜ ዝርዝር ስለሚያዛባም ለሚጠረጠሩ ዕዳዎች በሚያዘው መጠባበቂያ ላይ ተጽዕኖ አለው። በዚህ ምክንያት ከስሌቱ ቢወጣም ከሥራ ወረቀቱ መውጣት የለበትም።

ዕዳው ይሰበሰባል ወይስ አይሰበሰብም የሚለው ክርክርም እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። እሱ የመጠባበቂያ ግምት ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይገመገማል።

ኮንፈርሜሽን ያልመለሱ ደንበኞችን ከናሙናው አውጥቶ በሌላ መተካት ይቻላል?

አይቻልም፤ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ደጋግሞ የሚነሳው መልስ የሚልኩ ደንበኞች ብዙ ስላልሆኑ ነው። መልስ ያልሰጠው ደንበኛ በአማራጭ መንገድ ይመረመራል፤ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ የከፈለው ገንዘብ ከባንክ መግለጫ ጋር ይገናዘባል፣ ክፍያው የትኛውን ደረሰኝ እንደሚዘጋም ይታያል፤ ያልተከፈለው ቀሪ ደግሞ ከሽያጭ ደረሰኝና ደንበኛው ከፈረመበት የዕቃ ማስረከቢያ ሰነድ ጋር ይመሳከራል። አማራጩም ካልተቻለ፣ ለምሳሌ ማስረከቢያ ሰነዱ ጠፍቶ ክፍያም ካልተፈጸመ፣ ደረጃ 530 ያ ዕዳ እንደ ስህተት እንዲቆጠር ያዛል። በሌላ ደንበኛ መተካት ግን ሰነድ የሌላቸውን ዕዳዎች ከናሙናው እየለቀመ ያወጣል፤ የተሰላው ስህተትም ሆን ተብሎ ባይሆንም ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል።

ሥራ አመራሩ “ይህ ስህተት አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ ነው” ቢል፣ ያንን ስህተት ከስሌቱ ማውጣት ይቻላል?

ይህ ክርክር በአብዛኛው የሚመጣው በትልቁ ስህተት ላይ ነው። በምሳሌያችን የሂሳብ ክፍሉ ኃላፊ የ69,000 ብሩን ሽያጭ አስመልክቶ፣ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት የደረሰኝ ሠራተኛዋ በሕመም ስለቀረች ተተኪው የሠራው አንድ ስህተት ነው ብለው ያስረዱ ይሆናል። ማብራሪያው ተቀባይነት ቢያገኝ ወደ ሙሉው የሚሰላው የቀሩት ስህተቶች ድምር፣ ማለትም 46,000ና 14,000 ብር፣ በድምሩ 60,000 ብር ብቻ ይሆንና 400,000 ብር ይደርሳል፤ 69,000ና 130,000 ብር ሲጨመሩበት ጠቅላላው ግምት ከ990,000 ወደ 599,000 ብር ይወርዳል። በአንድ ማብራሪያ ብቻ 391,000 ብር ይጠፋል ማለት ነው።

ደረጃ 530 ይህን በር በጣም ጠባብ አድርጎ ነው የተወው። ስህተቱ ሙሉውን እንደማይወክል መደምደም የሚቻለው እጅግ አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ለዚያም ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎ ከፍተኛ እርግጠኝነት ላይ መድረስ ያስፈልጋል። የሠራተኛዋ መቅረት በሰዓት ፊርማ መዝገብ መረጋገጡ የሚያሳየው መቅረቷን ብቻ ነው፤ ሌላ ስህተት አለመኖሩን አያሳይም። እዚህ የሚያስፈልገው ተተኪው በሠራባቸው ቀናት የተቆረጡትን ደረሰኞች በሙሉ ከማስረከቢያ ሰነዶች ጋር ማመሳከር፣ ከዚያ ውጭ ባሉት የሰኔ ቀናትም ተመሳሳይ ስህተት እንደሌለ ማየት ነው። ከተተኪው ቀናት ውጭ አንድ ሌላ ደረሰኝ ቢገኝ ማብራሪያው ወድቋል፤ ስህተቱም ከሌሎቹ ጋር ይሰላል።

እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ ክርክር የሚሻል መንገድ አለ። ከሰኔ 20 እስከ 30 የተቆረጡት ደረሰኞች ያን ያህል ብዙ ካልሆኑ፣ ሁሉንም መመርመርና የዓመት መዝጊያውን ሽያጭ ራሱን የቻለ፣ ሙሉ በሙሉ የታየ ምድብ ማድረግ ይቻላል። ያኔ የዚህ ዓይነት ስህተት ትክክለኛ ድምር ስለሚታወቅ ማስላት አያስፈልግም፤ ማንም የማንንም ማብራሪያ ለማመን አይገደድም።

990,000 ብር ከ1,500,000 ብር ያነሰ ነው፤ ታዲያ ሂሳቡን መቀበል አይቻልም?

ብዙዎች የሚቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ መቆም ግን የለባቸውም። የ860,000 ብሩ ክፍል በ50 ደንበኞች ላይ የተመሠረተ ምርጥ ግምት እንጂ የተለካ እውነት አይደለም። ሌሎች 50 ደንበኞች በዕጣ ቢወጡ ኖሮ 400,000 ወይም 1,400,000 ብር ሊሰጡን ይችሉ ነበር። በግምቱና በጣሪያው መካከል ያለው 510,000 ብር ይህን የናሙና ስጋት መሸከም አለበት፤ ግምቱ ወደ ጣሪያው በተጠጋ ቁጥር እውነተኛው ስህተት ጣሪያውን ያለፈ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል።

መሸከም መቻሉን የምናውቅበት ቀላሉ መንገድ ናሙናው ሲታቀድ ምን ያህል ስህተት እንደተጠበቀ ተመልሶ ማየት ነው። የናሙናው መጠን፣ ማለትም 50 ደንበኞች፣ የተወሰነው በተሰብሳቢ ሂሳቡ ላይ 300,000 ብር ያህል ስህተት ሊኖር ይችላል ተብሎ ነበር። የተገኘው ግምት ግን ከዚያ ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ለ300,000 ብር የታቀደ ናሙና 990,000 ብር ሲያሳይ፣ ናሙናው ለሚሰጠው መደምደሚያ በቂ አልነበረም ማለት ነው፤ ግምቱ ከጣሪያው ቢያንስም የናሙና ስጋቱ ከታሰበው በላይ ሆኗል። ግምቱ 250,000 ብር ቢሆን ኖሮ ያለ ተጨማሪ ሥራ መቀበል ይቻል ነበር። ግምቱ ጣሪያውን ካለፈ ደግሞ ክርክር የለውም፤ ናሙናው ሂሳቡን ለመቀበል ምክንያት መሆን አይችልም።

ታዲያ ቀጣዩ እርምጃ ምንድን ነው?

ስህተቶቹ በዓይነታቸው ተለይተው ይታያሉ። የዊዝሆልዲንጉ ስህተት የተፈጠረው ደረሰኞቹን ተቀብሎ የሚመዘግብ ሰው ባለመመደቡ ከሆነ፣ በሌሎች ደንበኞች ላይም መኖሩ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ስህተት ማስላቱን ትቶ ሥራ አመራሩ የተቀበላቸውን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኞች በሙሉ ከደንበኞች ሌጀር ጋር እንዲያመሳክርና እንዲያስተካክል መጠየቅ ይቻላል፤ ኦዲተሩ ከዚያ ያንን ሥራ መልሶ ይፈትሻል። ሳይፈትሹ የሥራ አመራሩን ድምር መቀበል ግን ግምቱን በሌላ ግምት መተካት ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ ናሙናውን ማስፋት ነው። ከቀሩት 290 ደንበኞች ሌሎች 50 በዕጣ ተመርጠው የመዝገብ ቀሪ ሂሳባቸው 5,500,000 ብር፣ የተገኘባቸው ስህተት 39,000 ብር ሆነ እንበል። ሁለተኛው ናሙና የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ሁለቱ ይደመራሉ። በ11,200,000 ብር ላይ 168,000 ብር ስህተት ልክ 1.5 በመቶ ነው፤ በ38,000,000 ብር ላይ 570,000 ብር ይሆናል፤ ከ130,000 ብሩ ጋር 700,000 ብር ይደርሳል። አሁን ግምቱ ወርዷል፣ የናሙናው መጠንም እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህ በግምቱና በጣሪያው መካከል ያለው 800,000 ብር ከበፊቱ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው ናሙና የተሻለ ውጤት ስለሰጠ እሱን ብቻ ወስዶ ማስላት ግን ማስረጃ መደበቅ ነው።

አንድ ነገር መለየት አለበት። በምርመራው ዕቃ ያልወጣለት፣ ደንበኛውም የማያውቀው ሽያጭ ከተገኘ፣ ቀዳሚው ጥያቄ ስሌት መሆኑ ይቀራል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ሲጠረጠር መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ማን፣ ለምን፣ በስንት ደንበኞች ላይ እንዳደረገው መመርመር ይቀድማል።

ናሙናው በብር ክብደት ከተመረጠ ስሌቱ ይለወጣል?

አዎ። እያንዳንዱ ብር እኩል የመመረጥ ዕድል እንዲኖረው ተደርጎ ሲመረጥ ትልቅ ዕዳ ያለባቸው ደንበኞች በብዛት ይገባሉ፤ ስለዚህ ከላይ ያየነውን ምጣኔ በቀጥታ መጠቀም ስህተት ነው። የምርጫው ርቀት፣ ማለትም በተከታታይ በሚመረጡ ሁለት ብሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ 500,000 ብር ቢሆን፣ 80,000 ብር ካለበት ደንበኛ ላይ የተገኘ 20,000 ብር ስህተት የዕዳው 25 በመቶ ስለሆነ፣ የሚሰላው ስህተት የ500,000 ብር 25 በመቶ፣ ማለትም 125,000 ብር ነው። ዕዳው ከ500,000 ብር በላይ ከሆነ ግን የተገኘው ስህተት እንዳለ ይወሰዳል።

ይህ ዘዴ የናሙና ስጋቱንም በቁጥር ይሰጣል። በ95 በመቶ እርግጠኝነት ምንም ስህተት ባይገኝም እንኳ የስህተቱ የላይኛው ወሰን የርቀቱ 3 እጥፍ፣ ማለትም 1,500,000 ብር ነው። ስለዚህ ምንም ስህተት አይኖርም ተብሎ በዚህ ርቀት የታቀደ ናሙና አንድ ስህተት ካሳየ፣ የላይኛው ወሰን ወዲያውኑ ጣሪያውን ያልፋል።

ድርጅቱ የተገኙትን ስህተቶች በሙሉ ካስተካከለ ጉዳዩ አይዘጋም?

አይዘጋም። ሰፍቶ በተሠራው ምርመራ በስም የሚታወቁት ስህተቶች 168,000ና 130,000 ብር፣ በድምሩ 298,000 ብር ናቸው። ድርጅቱ እነዚህን ቢያስተካክል ከ700,000 ብሩ የሚቀረው 402,000 ብር ነው፤ ይህም ባልታዩት 240 ደንበኞች ውስጥ አለ ተብሎ የሚገመተው ስህተት ነው። የትኛው ደንበኛ ላይ እንዳለ ስለማይታወቅ የሚሠራለት ማስተካከያ የለም፤ ሆኖም አለ።

በትርፍ ላይ ያለው ተጽዕኖም ለብቻው ይታያል። በ69,000 ብሩ ስህተት ውስጥ 9,000 ብር ታክስ ስለሆነ ሽያጩ በብልጫ የታየው በ60,000 ብር ነው፤ የዕቃው ዋጋም ወደ መጋዘን ቀሪው መመለስ ስላለበት ትርፉ የሚቀንሰው ከዚያም ባነሰ ነው። የዊዝሆልዲንጉ ስህተት ደግሞ ትርፉን ጨርሶ አይነካም፤ ገንዘቡ ከደንበኛ ዕዳ ወደ ቅድመ ግብር ክፍያ ይዛወራል እንጂ።

ሥራ አመራሩ የቀረውን ግምት “የሌለ ስህተት ነው” ብሎ ካልተቀበለስ?

በግምት ላይ ተመሥርቶ ሂሳብ እንዲመዘግብ ማስገደድ አይቻልም፤ ነገር ግን ቀሪዎቹን ደንበኞች ራሱ መርምሮ ስህተቱን እንዲያገኝና እንዲያስተካክል ሊጠየቅ ይገባል። ካላደረገው 402,000 ብሩ ያልተስተካከሉ ስህተቶች ዝርዝር ውስጥ “ከናሙና የተሰላ” ተብሎ ይመዘገባል፤ በስም ከሚታወቁትና በሥራ አመራሩ ግምት ወይም የሂሳብ አሠራር ምርጫ ላይ ካለ የአስተያየት ልዩነት ከመጡት ስህተቶችም ተለይቶ ይታያል። ከሌሎች ሂሳቦች ከመጡ ያልተስተካከሉ ስህተቶች ጋር ተደምሮ የሚነጻጸረውም ከ1,500,000 ብሩ ጋር ሳይሆን ለሂሳብ መግለጫው በአጠቃላይ ከተወሰነው 2,000,000 ብር ጋር ነው። ዝርዝሩ ለዳይሬክተሮች ቦርድ ይቀርባል፤ ያልተስተካከሉት ስህተቶች ለየብቻም ሆነ በድምር ጉልህ አይደሉም ብለው ማመናቸውንም ሥራ አመራሩና እንደ አግባቡ ቦርዱ በጽሑፍ ያረጋግጣሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ናሙናው ሲታቀድ የሚጠበቀው ስህተት 300,000 ብር ሆኖ መጀመር የለበትም። የዘንድሮው ውጤት 700,000 ብር ነው፤ የዊዝሆልዲንግ ምዝገባው መስተካከሉ በማስረጃ ካልተረጋገጠ በቀር ከዚህ የሚያንስ ቁጥር ለመጠቀም ምክንያት አይኖርም፣ የናሙናው መጠንም በዚያው ልክ ይጨምራል።